አንቱታ የሌለው ፈገግታ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1982 አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር 1975 ዓ.ም. በጠባ በሳምንቱ ገደማ፣ አሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ በሚገኘው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል አንድ ማስጠንቀቂያ ወጣ። የወጣው ግድግዳ ላይ አይደለም። የክፍሉ ሰዎች ሁሉ በየኮምፒዩተራቸው ከፍተው በሚያነቡት የጋራ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። «ማስጠንቀቂያ» ብሎ ይጀምራል፣ ከነቃለ አጋኖው። ከዚያም በቅርቡ በተደረገ የፊዚክስ ሙከራ ሳቢያ ከአሳንሰሮቹ በስተግራ ጫፍ ያለው በሜርኩሪ መበከሉን፣ መጠነኛ የእሳት ጉዳትም መድረሱን፣ ጽዳቱ ግን ዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንደሚጠናቀቅ ይገልጻል።

ሜርኩሪ ያው አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት ነው። ሲያዩት እንደ ብር ያብለጨልጫል፣ ትነቱ ግን መርዝ ነው። በዚያ ሕንፃ ላይ ታች የሚል ሰው ይህንን አንብቦ ደረጃውን ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል?

ሜርኩሪ ግን አልፈሰሰም። ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነው። ከባልደረቦቹ አንዱ በዚያው ሰሌዳ ላይ እንቆቅልሽ አቅርቦ ነበር። አሳንሰር ውስጥ ግድግዳው ላይ የበራ ሻማ አለ፣ ወለሉ ላይ ጠብታ ሜርኩሪ አለ፤ የአሳንሰሩ ገመድ ቢበጠስና ቁልቁል ቢወርድ ሻማውና ሜርኩሪው ምን ይሆናሉ? የፊዚክስ ሰዎች የሚወዱት ዓይነት ጥያቄ ነው። ማስጠንቀቂያውን የጻፈው ሰውዬ እንግዲህ «ሙከራው ተደርጎ ይኸው ውጤቱ» ማለቱ ነበር። እንቆቅልሹን ያነበበ ሳቀ። ያላነበበ ደነገጠ። በመጨረሻ ሌላ ባልደረባ ብቅ ብሎ ነገሩ ቀልድ እንደሆነ ማስረዳት ግድ ሆነበት። ቀልዱን በማበላሸቱም ይቅርታ ጠየቀና አንድ ነገር አስታወሰ፤ ባለፈው ዓመት እዚያው ግቢ ካለ ሌላ ሕንፃ ከፊሉ በፈሰሰ ሜርኩሪ ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ሰው በታጨቀበት አዳራሽ «እሳት!» ብሎ መጮህ ደግ አይደለም፣ ትናንት በተባለ ነገር ላይ ዛሬ መቀለድም እንዲሁ፣ አለ።

ይቺን ታሪክ የምወዳት ሞኞች ስለሌሉባት ነው። የደነገጡት በዓለም አሉ ከሚባሉ የኮምፒዩተር ሰዎች ጋር የሚሠሩ፣ አብዛኞቹም ራሳቸው እንዲያ የሚባሉ ናቸው። የቀለደውም ጎበዝ ቀልደኛ ነበር፤ ጥፋቱም ይኸው ጉብዝናው ነው። የማስታወቂያን ቋንቋ በትክክል ነበር የቀዳው። ቦታውን ለይቶ ነገረን፣ የጉዳቱን መጠን ነገረን፣ የሚያልቅበትን ሰዓት ነገረን። ከፊት ቃለ አጋኖ ሰካበት። አስመስሎ መናገር ላይ የተመሠረተ ቀልድ ባማረ ቁጥር ከእውነተኛው የሚለየው ነገር እየሳሳ ይሄዳል፣ በመጨረሻ የሚለየው አንባቢው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ብቻ ይሆናል። አንባቢው ደግሞ አንድ አልነበረም። ጨዋታውን ከሥሩ የተከታተለ አለ፣ ጠዋት ገብቶ የመጨረሻዋን መልእክት ብቻ ያየ አለ፣ ያለፈውን ዓመት መዘጋት ያልረሳ አለ። ፕሮፌሰሩም ተማሪውም ሠራተኛውም የሚያነቡት ያንኑ ሰሌዳ ነው። ሻይ ቤት ቢሆን ኖሮ የቀልደኛው ፊት ይታይ ነበር፣ የደነገጠው ሰው ፊትም ለቀልደኛው ይታየው ነበር። ሰሌዳው ሁለቱንም ፊት ነጠቃቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ታሪክ የሠራው። እንቆቅልሹን ያቀረበው ሰውዬ ራሱ፣ ለቀልድ በተጻፈ መልእክት ርዕስ ላይ ኮከብ ምልክት እናድርግ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ወዲያው ክርክሩ ጦፈ። አንዱ የለም የፐርሰንት ምልክት ይሻላል አለ። ሌላው ኮከቡ ለጥሩ ቀልድ፣ ፐርሰንቱ ለመጥፎ ቀልድ ይሁን፣ በጣም መጥፎ ከመሆኑ የተነሳ ለሚያስቅ ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ እንጠቀም አለ። ሌላው & ትሁን፣ በሳቅ የሚንፈራፈር ወፍራም ሰውዬ ትመስላለች አለ። ምሁር ሲቦዝን እንዲህ ነው። በመስከረም 19፣ እሑድ ቀን፣ በእኛ መስከረም 9 ቀን 1975፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ላይ ስኮት ፋልማን የተባለ የክፍሉ ተመራማሪ ጥቂት መስመር ጻፈ። ለቀልድ ይህንን ምልክት እንጠቀም፣ አንገታችሁን ዘንበል አድርጋችሁ አንብቡት፣ ብሎ እነዚህን ሦስት ምልክቶች ደረደረ፦

:-)

በዚሁ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን ቀጠለና፣ አሁን ባለንበት አያያዝ ቀልዱ ስለበዛ ቀልድ *ያልሆነውን* ምልክት ማድረጉ ሳይቀል አይቀርም፣ ለእሱ ደግሞ :-( እንጠቀም አለ። ልብ በሉ፤ የቀልድ ምልክትን የፈጠረው ሰው ምልክቱን ያስተዋወቀው በቀልድ ነው። ሁለተኛዋ ምልክት በእሱ ሐሳብ «ይሄ የምር ነው» ማለት ነበረች። ብዙም ሳይቆይ ግን ሰዎች ለኀዘንና ለቅሬታ ወሰዷት። ምልክት ሠሪው አንድ ነገር ይላል፣ ተጠቃሚው ሌላ ያደርገዋል። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት የደረሱትም በወራት ውስጥ ነው። መልእክቷን ራሷን ግን ማንም ያስቀመጣት አልነበረም፤ በ2002 ከብዙ ፍለጋ በኋላ ከድሮ የመጠባበቂያ ቴፕ ላይ ተገኘች።

እዚህ ላይ የአማርኛ መምህሩ ልቤ አላስችል ይለኛል። እኛም እኮ አለን! ትእምርተ ስላቅ የምንለው፣ ራሱን ወደ ታች የተከለ ቃለ አጋኖ፣ ¡ ማለቴ ነው። ስፔኖች የዚህን መልክ በጩኸት ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ያደርጉታል፣ እኛ ግን ከመጨረሻው ላይ እናስቀምጠውና «የተናገርኩትን ገልብጣችሁ ተረዱ» እንልበታለን። «ባለሥልጣኑ ለሕዝብ ሲያስብ እንቅልፍ የለውም¡» እንዲሉ። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ስለዚህ ምልክት ስጠይቅ ስሙን የሚያውቅ አላጣም ነበር፣ በድርሰቱ የሚጠቀምበት ግን ብርቅ ነበር። ምክንያቱን ሲጠየቁ «ስላቅ ምልክት ከተደረገበት ምኑን ስላቅ ሆነ?» ይሉኛል። ተገቢ መልስ ነው።

ግን በሁለቱ ምልክቶች መካከል ሰው የማያስተውለው ልዩነት አለ። ትእምርተ ስላቅ ስለ ዓረፍተ ነገሩ ይናገራል፤ የምለው ተቃራኒውን ነው ይላል። ፈገግታዋ ግን ስለ እኔና ስለ አንተ ትናገራለች፤ አትቆጣኝ፣ ወዳጅ ነን ትላለች። እኩዮች መካከል ሁለቱ ወደ አንድ ይመጣሉ። አለቃና ምንዝር በአንድነት በሚያነቡበት ቦታ ግን ይለያያሉ፣ ምክንያቱም «አትቆጣኝ» የማለት ዕዳ ለሁሉም እኩል አይደለም።

የእኛን መሥሪያ ቤቶች ተመልከቱ። ዛሬ ትንሽ የሥራ ክፍል እንኳ የራሱ የቴሌግራም ግሩፕ አለው። ኃላፊው፣ ጡረታ የቀረበው ሒሳብ ሹም፣ ትናንት የተቀጠረችው ልጅ፣ ሾፌሩ፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። ልክ እንደ ፒትስበርጉ ሰሌዳ። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ለኅትመት ሥራ በአማካሪነት የተወሰኑ ወራት ስቆይ እኔንም አስገቡኝና ሃያ ሦስተኛ ሆንኩ። አንድ ሰኞ ማታ የክፍሉ ኃላፊ እንዲህ ሲል ጻፈ፤ «የሩብ ዓመቱን ሪፖርት እስከ ዓርብ ያላስገባ የዚህን ወር ደመወዙን እኔ ቤት መጥቶ ይውሰድ!!» ከኋላው እንባው እስኪወርድ የሚስቅ ፊት። ኃላፊው ደግ ሰው ነው፤ ቤቱ መጥቶ መውሰድ የሚሏት ቀልድም ከድሮ ጀምሮ በክፍሉ ውስጥ የነበረች ናት። አንድ ጊዜ ደመወዝ ዘግይቶ ሠራተኛውን ሁሉ ቤቱ ጠርቶ ዶሮ ያበላበት ታሪክ አለች። ነባሮቹ ስልካቸው ላይ ሳቃቸውን ለቀቁት። ዐሥራ አንድ የሚስቅ ፊት ቆጠርኩ።

የተቀጠረችው ልጅ ግን የሙከራ ጊዜዋ ላይ ነች፣ የዶሮውን ታሪክ አታውቅም። ሪፖርት ይኑራት አይኑራት እንኳ ገና አልተነገራትም። ማክሰኞ ጠዋት ዐይኗ ቀልቶ መጣች። ሌሊቱን ሙሉ ማንም ያላዘዛትን ሪፖርት ስትጽፍ ነው ያደረችው። ለኃላፊው አልጻፈችም፣ በግሩፑም አልጠየቀችም። አጠገቧ ያለችውን ልጅ በጆሮዋ «ደመወዝ ይቆርጣሉ እንዴ?» ብላ ነው የጠየቀችው። ያቺው የሜርኩሪ ታሪክ እንዳለ ናት፣ ሳቁ የገባቸው እንቆቅልሹን ያነበቡ ብቻ።

ኃላፊው ሲነገረው ከልቡ አዘነ። «ሳቅ አድርጌበት የለም እንዴ? ሁሉም እኮ ሳቀ» አለ። በዚህ አነጋገር ውስጥ ሁለት ስሕተቶች አሉ።

የመጀመሪያው፣ ምልክት ካደረግሁ ገባቸው ማለት ነው የሚለው ነው። ጸሐፊ የራሱን ድምፅ እየሰማ ነው የሚጽፈው፣ አንባቢው ጋ ግን ድምፁ አይሄድም። በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ተማሪዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የምርና የስላቅ አረፍተ ነገሮችን እንዲላላኩ አደረገ፣ ከፊሉ በኢሜይል፣ ከፊሉ በድምፅ። ላኪዎቹ ከመቶው 78 ያህሉ በትክክል ይታወቅልናል ብለው ገመቱ፣ በሁለቱም መንገድ። በድምፅ የተላከው 73 ከመቶ ታወቀ። በኢሜይል የተላከው 56። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት እምብዛም አይሻልም። የሚገርመኝ ቁጥሩ ማነሱ አይደለም፣ ላኪዎቹ ልዩነቱ አለመታወቃቸው እንጂ። የፊት ሥዕሉም ቢሆን የሚታሰበውን ያህል አያድንም። በ2016 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያንኑ አንድ ዓይነት የፊት ሥዕል ለሰዎች ሲያሳዩ፣ ስሜቱ በጎ ነው ክፉ ነው ወይስ መሐል ነው በሚለው እንኳ ከአራት አንድ ጊዜ ሳይስማሙ ቀርተዋል።

ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው፤ ሳቁን እንደ ማስረጃ መቁጠር። አለቃ ለተናገረው ቀልድ የሚላክ ሳቅ ምንም አያስረዳም። ከዐሥራ አንዱ ስንቱ ሳቀ፣ ስንቱ «አንብቤያለሁ፣ አለሁ» አለ? ማንም አያውቅም። የቀልዱን መክሸፍ የሚናገረው ግሩፑ ውስጥ የሚታየው አይደለም፤ ከግሩፑ ውጭ በጆሮ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው፣ ወይም ዝም ያለው ሰው ማንነት ነው። ከሃያ ሦስታችን ያልሳቁት እነማን እንደሆኑ ተመልሼ ባይ፣ ከእኔ በቀር ሁሉም ከአንድ ዓመት ወዲህ የመጡ ነበሩ። ይህንን ለማየት ጥናት አያስፈልግም፣ ጣትን ማንቀሳቀስ ይበቃል።

ስለ ሁለቱ ቃለ አጋኖዎችም አንድ ነገር ልበል። ይሄ ምልክት ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በድሮ የእንግሊዝኛ የጽሕፈት መኪናዎች አብዛኞቹ ላይ የራሱ ቁልፍ እንኳ አልነበረውም፣ ነጥብ መትቶ፣ አንድ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ላዩ ላይ ጭረት መምታት ነበር። ሦስት ምት የሚያስከፍል ምልክት በከንቱ አይበተንም። ዛሬ ነፃ ሆነ፣ ከፈረንጆቹ የሥራ ኢሜይልም «አመሰግናለሁ!» የሚለው ወዳጅነት ማሳያ ሆኖ መጣ። ወጣቶቻችን ይህንን ነው የለመዱት። እኛ ግን ቃለ አጋኖን ያወቅነው ከአጥር ላይ ነው፣ «እዚህ ቦታ መሽናት ክልክል ነው!!» ከሚለው። ለእኛ ትውልድ ምልክቱ ዱላ የያዘ ዘበኛ ነው። ስለዚህ «ነገ 3 ሰዓት ስብሰባ አለ!» የምትል መልእክት ለሃያ አምስት ዓመቷ ልጅ «ኑ እንገናኝ» ስትላት፣ ለሒሳብ ሹሙ «ዋ! ትቀርና!» ትለዋለች። ከላይ ወደ ታች ሲጻፍ ደግሞ ሁለቱም ንባብ ወደ ትእዛዝ ያደላል። የኃላፊው «!!» ሳቁን ቀድማ ደርሳ ልጅቱን የመታቻት ለዚህ ይመስለኛል።

ከታች ወደ ላይስ? እዚህ ጋ የአማርኛ ጣጣ ይመጣል። ረቡዕ ዕለት ሒሳብ ሹሙ፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው፣ የአበል ቅጽ ሞልታችሁ አምጡ ብለው ጻፉ። አንዱ ወጣት «ጋሼ፣ ቅጹ ከእኛ ዕድሜ ይበልጣል፣ አዲስ ይውጣለት እንጂ» ብሎ መለሰ፣ ጥቅሻ የሚጠቅስ ፊት አክሎ። ዓረፍተ ነገሩን ብቻ ብታዩት ነውር የለበትም። ጋሼ ብሏል፣ ግሥም ቢሆን ወደሳቸው አላዞረም፣ ስለ ቅጹ ነው ያወራው። ጋሼ ግን ለሁለት ቀን አኮረፉ። ስጠይቃቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ቃሉስ ግድ የለም። ጠቀሰኝ እኮ! በሰው ፊት ጠቀሰኝ!»

ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። አማርኛ ያለ ደረጃ አያናግርም። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፤ ና፣ ነይ፣ ይምጡ። ግሩፕ ላይ የሚጽፍ ሰው «እናንተ» በሚለው ወይም «ይሞላ»፣ «ይላክ» በሚለው ተሸሽጎ ያልፋታል፣ ብልኃት ነው። የፊት ሥዕል ግን መሸሸጊያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የጃፓን የስልክ ኩባንያዎች እነዚያን ሥዕሎች ሲያወጡ፣ የታወቁት የ1999ኞቹ 176 ትንንሽ ሥዕሎች ናቸው፣ በ2010 ደግሞ የዓለም የፊደል መለያ ውስጥ ሲገቡ፣ «እርስዎ» የሚል ጥቅሻ ማንም አልሠራም። ጥቅሻ ሁልጊዜ «አንተ» ነው። ወጣቱ በፊደል ጋሼን እርስዎ ብሎ በሥዕሉ አንተ አላቸው፣ ያውም ሃያ ሦስት ሰው እያየ። የጃፓን ቋንቋም እኮ ከእኛ ባላነሰ በአክብሮት ግሥ የታጨቀ ነው። ግን ሥዕሎቹ የተሠሩት ለአጭር የስልክ መልእክት እንጂ ለክፍሉ ስብሰባ አልነበረም።

በዚህ ላይ የማያውቁት ሰው ሲሆን ዕዳው ይጨምራል። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት፣ ለማይተዋወቁ ሰዎች በሚላክ መደበኛ የሥራ መልእክት ላይ ፈገግ ያለች ፊት ላኪውን የበለጠ ተግባቢ እንዳላስመሰለችው፣ ይልቁንም ሥራ የማይችል እንዳስመሰለችው አሳይቷል። መልእክቱ መደበኛ ካልሆነ ግን እንዲህ አይደለም። አዲስ ገቢ እንግዲህ ከሁለት ወገን ይጨነቃል፤ ካላደረገ ቁጡ እንዳይመስል፣ ካደረገ ቂል እንዳይመስል።

ታዲያ ግሩፑ ውስጥ መቀለድ ይቅር ወይ? ኃላፊው ሐሙስ ዕለት ይህንኑ ጠየቀኝ፤ «ከዛሬ ወዲያ እንደ ደብዳቤ ነው የምጽፈው፣ ከሰላምታ ጋር ብዬ» አለ ተናዶ። እሱም አይሆንም። እስከ ትናንት ዶሮ የሚያበላ ሰው በድንገት «ከሰላምታ ጋር» ካለ ክፍሉ በሙሉ ሊባረር ነው ብሎ ያስባል። ቁጭ ብለን የሰኞዋን መልእክት መረመርናት። መጀመሪያ ሥዕሏን በጣቴ ሸፈንኩና «ይህችን ብቻ ያነበበ ሰው ምን ያደርጋል?» አልኩት። «ይፈራል» አለ። ሥዕሏ እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩ ያቆሰለውን እንድታክም ነው የተላከችው፣ ከዚያ ሥራ በላይ የሆነ ሸክም ነው። ቀጥሎ፣ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጋብተዋል፤ የምሩ፣ ማለትም ሪፖርቱ ዓርብ እንደሚያልቅ፣ እና ቀልዱ፣ ማለትም ደመወዙ። ፋልማን እንደ ቀልድ ያላት ሁለተኛ ሐሳብ እዚህ ትሠራለች፤ ቀልዱን ከማመልከት የምሩን ለይቶ ማስቀመጥ ይቀላል። በመጨረሻም የቀልዱ ዱላ የማን ነው? ደመወዝ የሚያዘው እሱ ነው። ሥልጣን ያለው ሰው ሥልጣኑን ይዞ ሲቀልድ ቀልዱ የሚደረግ ነገር ይሆናል። በራሱ ላይ ቢቀልድ ግን የሚፈራው አይኖርም።

ያንኑ ማታ እንደገና ጻፈው። «የሩብ ዓመቱ ሪፖርት የሚገባው ዓርብ 11 ሰዓት ድረስ ነው። የሚመለከተው የየንዑስ ክፍሉን አስተባባሪዎች ብቻ ነው። እኔም የራሴን ገና አልጀመርኩም፣ እንዳታሳጡኝ።» ቃለ አጋኖ የለም፣ ሥዕል የለም። ሳቅ የላኩት አራት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ልጅቱ ነች።

ጋሼ ደግሞ ዓርብ ጠዋት፣ በአገልግሎት ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ሥዕል ላኩ። ሁለት መዳፎች የተጋጠሙባትን። ከታች ግማሹ «ጋሼ እናመሰግናለን» አለ፣ ግማሹ «አሜን» አለ። እኔ ወርጄ ስጠይቃቸው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝና «ቅጹን አምጡልኝ ብዬ እየለመንኳቸው ነው» አሉ።